«ክፍልዎን ልንሰጥዎ አልቻልንም» ተብሎ የሚጻፈው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር፣ ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል የክፍል ማስያዣ ሠራተኛ ነኝ። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ለጥር 9 በስልክ የያዛቸው 6 ክፍሎች ኮምፒውተሩ ላይ ጃንዋሪ 9 ተብለው ተመዝግበዋል። ትናንት ማንም ሳይመጣ ሲቀር ደውለን ነው የነቃነው። ለጥምቀት ሁለት ክፍል ከልክ በላይ ሸጠናል። አንዱ ከአዲስ አበባ ከእናታቸው ጋር የሚመጡ ወይዘሮ የያዙት ነው። ሐይቁን የሚያይ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ለ3 ሌሊት ይዘው፣ የአንዱን ሌሊት 3,800 ብር በባንክ ከፍለው፣ እኛም ማረጋገጫ ልከንላቸዋል። እናታቸው ደረጃ መውጣት ይቸግራቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት በአውሮፕላን ይገባሉ፤ ማክሰኞ ጠዋት ወደ ዘጌ ጀልባ ይዘንላቸዋል። ሥራ አስኪያጃችን ‹አንቺው ይቅርታ ጻፊላቸውና ሌላ ሆቴል አመልክቻቸው› ብለውኛል። አንድ ሳምንት ቀርቶናል። እንዳይቀየሙን ምን ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ኢሜይሉን ነገ ትጽፊዋለሽ፤ ዛሬ ክፍል ፈልጊ። ወይዘሮዋ ደብዳቤሽን ሲከፍቱ ማወቅ የሚፈልጉት እናታቸውን ይዘው የት እንደሚያድሩ ነው። «ሌላ ሆቴል እናመቻቻለን» ብቻ የሚል ደብዳቤ ክፍላቸውን ወስዶ በምትኩ ጭንቀት ይሰጣቸዋል። በጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር ውስጥ ክፍል መፈለግ ምን እንደሚመስል ለአንቺ አይነገርም። ስለዚህ አንድ መስመር ከመጻፍሽ በፊት በስማቸው የተያዘ፣ የተከፈለበትና በጽሑፍ የተረጋገጠ ክፍል በእጅሽ ይኑር። «የተከፈለበት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በበዓል ሰሞን በቃል «ይዘንላችኋል» የተባለ ክፍል እንደተያዘ አይቆጠርም። ያኛውም ሆቴል እንደ እናንተ ከልክ በላይ ቢሸጥ መጀመሪያ የሚያስወጣው ገንዘብ ያልገባበትን ክፍል ነው፤ ያን ጊዜ ለአንድ እንግዳ ሁለት የይቅርታ ደብዳቤ ልትጽፊ ነው።

ከዚያም በፊት አንድ ነገር አጣሪ። ሌላ ሆቴል መሄድ ያለባቸው በእርግጥ እሳቸው ናቸው? ብዙ ሆቴሎች «መጨረሻ የያዘ ይውጣ» ይላሉ፤ ለኮምፒውተር ይመቻል፣ ለሰው ግን አይመችም። በሙያው ሲመረጥ የሚታየው ማን ሲዛወር ትንሹ ጉዳት ይደርሳል የሚለው ነው። ብቻውን የሚመጣ፣ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር፣ ማታ ገብቶ ጠዋት የሚወጣ እንግዳ ካለ መጀመሪያ እሱን አስቢ። አዛውንት ወይም ሕፃን የያዘን በተቻለ መጠን አትንኪ። ደግሞ ወደ አስጎብኚ ድርጅቱ ደውይና ከ6ቱ ክፍሎች ውስጥ የአስጎብኚውና የሾፌሩ አሉበት ወይ ብለሽ ጠይቂ። ብዙውን ጊዜ አሉበት። እነሱ ከተማውን ያውቁታል፤ በእናንተ ወጪ ጥሩ ክፍል ከተሰጣቸው ሌላ ቦታ ማደር ብዙ አይከብዳቸውም። በዚህ መንገድ ሁለቱም ክፍሎች ከተገኙ የምትጽፊው ደብዳቤ አይኖርም፣ ጉዳዩም አለቀ። የሚቀጥለው ሁሉ ይህ ካልተሳካ ነው።

ምትክ ስትፈልጊ «ባለ አራት ኮከብ ነው» የሚለውን አትከተይ። ወይዘሮዋ ከእናንተ የገዙት ሦስት ነገር ነው፦ ሐይቁን ማየት፣ ሁለት አልጋና እናታቸውን የማያስቸግር መግቢያ። ሐይቁን ማግኘት ካልተቻለ ሌሎቹ ሁለቱ ግን መጓደል የለባቸውም። «ሊፍት አለን» ሲሉሽ መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ይሠራ እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልሠራ ምድር ቤት ያለ ክፍል ይሻላል። ቢቻል ሄደሽ በዓይንሽ እዪው። ከዋናው በር እስከ አልጋው ስንት ደረጃ እንዳለ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ከፍ ያለ መሆን አለመሆኑን አንቺ ካላየሽ በደብዳቤው ላይ «ደረጃ የለውም» ብለሽ በልበ ሙሉነት መጻፍ አትችይም።

ስለ ዋጋውም አንድ ወጥመድ አለ። በስልክ «4,500 ብር» ቢሉሽ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ ያለበት ነው ወይስ የሌለበት? ከሌለበት 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ሲጨመር 4,950 ይሆናል፤ በዚያ ላይ 15 በመቶ ታክስ ሲመጣ 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። ይህን ሳታጣሪ «ልዩነቱን እኛ እንከፍላለን» ብለሽ ከጻፍሽ ልዩነቱ በሌሊት ከ700 ብር ወደ 1,892 ብር ከ50 ሳንቲም ያድጋል። የከፋው ደግሞ ክፍያው ከታክስ በፊት ታስቦ ከሆነ ጉድለቱን መውጫቸው ላይ ወይዘሮዋ ይጠየቃሉ። ከዚህ በታች ያለው ሒሳብ 4,500 ብር ሁሉን ያጠቃለለ ዋጋ ነው ብዬ የሠራሁት ነው።

አሁን ወደ ሥራ አስኪያጃችሁ ግቢና ገንዘቡን አስወስኚ። በሆቴል ሥራ የተለመደው፣ ማረጋገጫ የያዘን እንግዳ ሌላ ቦታ የሚያሳድር ሆቴል ቢያንስ የመጀመሪያውን ሌሊትና መጓጓዣውን ራሱ ይችላል፤ በቀሪዎቹም ሌሊቶች እንግዳው ከተስማማበት ዋጋ በላይ አይከፍልም። ቁጥሩን ጽፈሽ አሳያቸው። ለሦስቱ ሌሊት 13,500 ብር ትከፍላላችሁ። ከወይዘሮዋ ለሁለቱ ሌሊት በ3,800 ሒሳብ 7,600 ብር ታገኛላችሁ። ከኪስ የሚወጣው 5,900 ብርና የመኪናው ወጪ ነው። «ለምን እንከስራለን?» ካሉ፣ የወይዘሮዋን ክፍል ቡድኑ ከፍሎ እንደሚያድርበት አስታውሻቸው። «ለሚቀጥለው ጊዜ ቅናሽ እንስጣቸው» የሚለው ሐሳብ ከተነሣ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ እንዳይገባ ተከራከሪ። ዛሬ ክፍል የነሣ ሆቴል ደግሞ ለመምጣት ቅናሽ ሲሰጥ ይቅርታው ወደ ማስታወቂያ ይለወጣል።

ይህ ሲያልቅ ደውይላቸው። እንዲህ ያለ ወሬ በአገራችን በድምፅ ነው የሚነገረው፤ ኢሜይሉ በስልክ የተባለውን በጽሑፍ የሚያጸና ነው። በአጭሩ ነግረሻቸው፣ ሲናገሩ ሳታቋርጭ ሰምተሽ፣ «ዝርዝሩን አሁኑኑ በኢሜይል እልክልዎታለሁ» በይና ወዲያው ላኪ። ሁለት ጊዜ ደውለሽ ካላነሡ ኢሜይሉን ልከሽ ስለ ክፍላቸው አስቸኳይ ኢሜይል እንዳለ የሚያሳውቅ አጭር የስልክ መልእክት አስከትይ። ኢሜይሉ እኔ ብሆን እንዲህ ይሆን ነበር፤ ስሞቹንና ስልኩን አንቺ ሙዪ።

ርዕስ፦ ለቅዳሜ ጥር 9 የያዙትን ክፍል ልንሰጥዎ አልቻልንም፤ ሌላ ክፍል ይዘንልዎታል

ክብርት ወይዘሮ …፣

ከቅዳሜ ጥር 9 እስከ ማክሰኞ ጥር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. (ከጃንዋሪ 17 እስከ 20) ለ3 ሌሊት ያረጋገጥንልዎትን ሐይቁን የሚያይ ክፍል ልንሰጥዎ አልቻልንም። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የአንድ ቡድን ክፍሎችን በተሳሳተ ቀን በመመዝገባችን ካሉን ክፍሎች በላይ ሸጠናል። ከእናትዎ ጋር በዓሉን እዚህ ለማክበር ተዘጋጅተው ሳለ ይህን ስለምንነግርዎ ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።

በስምዎ … ሆቴል ውስጥ ለሦስቱም ሌሊት ክፍል ይዘን ከፍለናል፤ የሆቴሉ ማረጋገጫ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ክፍሉ ሁለት አልጋ ያለው ሲሆን ምድር ቤት ነው፤ ከመኪና መውረጃው እስከ ክፍሉ ደረጃ የለም። ከእኛ በመኪና 5 ደቂቃ ያህል ይርቃል። ሐይቅ ዳር አይደለም፤ ከመስኮቱም ሐይቁ አይታይም። ቁርስ በዋጋው ውስጥ አለ፤ እሁድ ጥር 10 ገሃድ በመሆኑ የጾም ቁርስ እንዲያዘጋጁ ነግረናቸዋል። ሐይቅ ዳር ባለው አትክልት ቦታችን መቀመጥ በፈለጉ ጊዜ ሁሉ ይደውሉልን፤ መኪና እንልካለን።

የመጀመሪያውን ሌሊት ሒሳብ እኛ እንችላለን። ሁለቱ ሌሊቶች በተስማማንበት በ3,800 ብር ይታሰባሉ፤ ድምሩ 7,600 ብር ነው። አስቀድመው 3,800 ብር ስለከፈሉ የሚቀረው 3,800 ብር ነው። እሱንም የሚከፍሉት ለእኛ ነው፤ የሚያርፉበት ሆቴል የክፍል ሒሳብ አይጠይቅዎትም።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በቲኬትዎ ላይ 9:00) ሲደርሱ ሾፌራችን ስምዎን የያዘ ወረቀት ይዞ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቅዎታል። ለማክሰኞ የያዙት የዘጌ ጀልባ እንዳለ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ መኪናው ካረፉበት ወደ ወደባችን ያመጣዎታል።

ይህ የማይስማማዎት ከሆነ የከፈሉትን 3,800 ብር በሙሉ ባሳወቁን ቀን ወደ ባንክ ሒሳብዎ እንመልሳለን። ውሳኔዎን በዚህ ኢሜይል ወይም በስልክ ቁጥር … ይንገሩኝ፤ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የማነሣው እኔ ነኝ። መልስዎ እስኪደርሰን ክፍሉ በስምዎ እንደተያዘ ይቆያል።

በአክብሮት፣
…፣ የክፍል ማስያዣ ክፍል

እዚህ ላይ የተዉኋቸውን ነገሮች ልብ በይ። «በመጀመሪያ የከበረ ሰላምታችንን እናቀርባለን» የለም። ለአቤቱታና ለቢሮ ደብዳቤ ይሆናል፤ እዚህ ግን መርዶውን አንድ አንቀጽ ከማዘግየት በቀር ጥቅም የለውም፤ በስልክ የሚያነብ ሰው ደግሞ ከሰላምታው አልፎ ላያነብ ይችላል። «ውድ ደንበኛችን» የለም፤ ስማቸውን እያወቅሽ ለሁሉም የተላከ እንዲመስል አታድርጊ። ከምንም በላይ «ከአቅማችን በላይ በሆነ ምክንያት» የለም። ቡድኑን በተሳሳተ ቀን የመዘገበ ሆቴል ከአቅሙ በላይ የሆነ ነገር አልገጠመውም። ያ አባባል በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አስቀድሞ ሊገመትና ሊወገድ ለማይችል እክል የተቀመጠ ነው፤ ውል ያፈረሰ ሰው ከኃላፊነት ለመዳን የሚያነሣው መከራከሪያ ነው። ወይዘሮዋ ሕግ ባያውቁ እንኳ ከኃላፊነት ለመሸሽ የተጻፈ መሆኑን ይረዱታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ይቅርታ ሁሉ ዋጋ ያጣል።

ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የተናገርኩት አውቄ ነው። ጥር 9 እንዴት ጃንዋሪ 9 እንደሆነ፣ ስልኩን ማን እንዳነሣ፣ ኮምፒውተሩ ምን እንዳሳየ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። ምክንያቱ ጭራሽ ከተተወ «ለሌላ በውድ ሸጠውት ነው» ብለው ይጠረጥራሉ፤ ከረዘመ ደግሞ ሰበብ ይመስላል። «አዲስ ሠራተኛ ስለነበረች» የሚል ቃል በምንም መንገድ አይግባ።

ይቅርታውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከጥፋቱ አጠገብ። በየአንቀጹ መጨረሻ «በድጋሚ ይቅርታ» ሲባል አንባቢው እናንተን ማጽናናት ያለበት ይመስለዋል።

«ሐይቅ ዳር አይደለም» የሚለው መስመር ሥራ አስኪያጅሽን ሊከብዳቸው ይችላል። «ከእኛ የተሻለና አዲስ ሆቴል ነው» ተብሎ እንዲተካም ይጠይቁሽ ይሆናል። እሺ አትበይ። እኚህ እንግዳ ሐይቁን ፈልገው ነው የከፈሉት፤ አዲስ ሕንፃና ሰፊ ቴሌቪዥን ለእሳቸው የተሻለ አይደለም። ጉድለቱን ከአንቺ ካነበቡ ይቀበሉታል ወይም ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፤ መጋረጃ ከፍተው ራሳቸው ካገኙት ግን ሁለተኛ እንደተታለሉ ይሰማቸዋል።

አንዳንድ ሆቴል «አንድ ሌሊት እዚያ ይደሩና በማግስቱ እንመልስዎታለን» ይላል። ብቻውን ለመጣ ሰው ደግ ሐሳብ ነው። ሻንጣና አዛውንት እናት ለያዙ ወይዘሮ ግን በሦስት ቀን ሁለት ጊዜ ዕቃ ማሸግ ነው፤ በዚያ ላይ እሁድ ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሰዉ መንገዱን ይሞላዋል፣ መኪና ላያልፍ ይችላል። ራሳቸው ካልጠየቁ አታንሽው። ከሰዓት በኋላ መኪና ከጠየቁሽም ያንን ቀን ለይተሽ አሳስቢያቸው።

በደብዳቤው ላይ ቀኑን ከነዕለቱ በሁለቱም አቆጣጠር፣ የአውሮፕላኑን ሰዓትም በሁለቱም መንገድ የጻፍኩት መጀመሪያ ችግሩን ያመጣው ይኸው ስለሆነ ነው። ዕለቱ ትልቅ ማጣሪያ ነው፤ ዘንድሮ ጥር 9 ቅዳሜ ሲሆን ጃንዋሪ 9 ግን ዓርብ ነበር። የያዘው ሰው «ቅዳሜ» ብሎ ቢሆን መዝጋቢው ያኔውኑ ይነቃ ነበር። «በጥር 8 ቀን መጨመር ነው» የሚሉሽንም አትመኚ። ዘንድሮ ይሠራል፤ በ2016 ግን ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ነበርና በዚያ ስሌት አንድ ቀን ይጎድል ነበር። አሁን ደብዳቤው ከመሄዱ በፊት በስልክ የተያዙትን የጥርና የየካቲት ክፍሎች በሙሉ ከመዝገቡ ጋር አስተያዪ። ሁለት ብቻ ነው ያልሽው ሌላ ተመሳሳይ ስሕተት ከሌለ ነው።

ከላክሽ በኋላ ዝምታ ሊመጣ ይችላል። ዝምታን እንደ እሺታም እንደ መሰረዝም አትቁጠሪ። በማግስቱ ደውይ፤ መልስ ባይኖርም ክፍሉን አትልቀቂ፣ ሾፌሩም ቅዳሜ ይሂድ። በመዝገባችሁ ላይ ስማቸውን አታጥፊው፤ «ተዛውረዋል» ብለሽ ከሆቴሉ ስም ጋር ጻፊበት። አለዚያ ማታ ተረኛው «ያልመጣ እንግዳ» ብሎ ቅድሚያ ክፍያውን ይወስዳል፤ ወይዘሮዋ በቀጥታ ወደ እናንተ በር ቢመጡም የሚያውቃቸው ሰው አይገኝም። ዓርብ ማታ ደግሞ ምትኩ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ደውለሽ ስማቸውን፣ ምድር ቤቱን፣ የጾም ቁርሱንና ሒሳቡ መከፈሉን የሌሊቱ ተረኛ ራሱ ደግሞ እንዲነግርሽ አድርጊ። ኃላፊው የሰማው ተረኛው ላይ ደርሷል ብለሽ አትገምቺ።

ሁለተኛው ክፍል በኢንተርኔት ማስያዣ ድርጅት በኩል የተያዘ ከሆነ አካሄዱ ይለያል። መጀመሪያ የሚነገረው ለድርጅቱ ነው፤ ክፍያው በእነሱ እጅ ሊሆን ስለሚችል «ገንዘብዎን እንመልሳለን» ብለሽ በራስሽ ቃል አትግቢ። እንግዳውን ደግሞ «እባክዎ እርስዎ ይሰርዙት» ብለሽ በፍጹም አትጠይቂ። እሱ ከሰረዘው በመዝገቡ ላይ ጥፋቱ የእሱ ይሆናል፣ የመሰረዣ ቅጣትም ሊቆረጥበት ይችላል፣ ድርጅቱም ምትክ የመፈለግ ግዴታ አይኖርበትም። ይህን የሚያደርጉ ሆቴሎች አሉ፤ እንግዳው ሲገባው የሚጽፈው አስተያየት ደግሞ ለዓመታት ይነበባል።

ወይዘሮዋ ተቆጥተው «ገንዘቤን መልሱልኝ» ካሉ አታባብያቸው፣ ሌላ አማራጭም አትደርድሪ። የባንክ ማስተላለፊያውን ደረሰኝ አያይዘሽ «3,800 ብሩን ዛሬ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ወደ ሒሳብዎ አስተላልፈናል። የያዝንልዎትን ክፍል እስከ ነገ ማታ አንለቅም፤ ከፈለጉት ይደውሉልኝ» ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊ። ከዚያ በኋላ ክፍሉን ከመልቀቅሽ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ደውይ።